ግማሽ ጨረቃና ሦስት ረቂቅ

ለሃያ ዓመታት ያህል የዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስን የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ የምከፍተው በአንድ ታሪክ ነበር። ታሪኩ የራሴ ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ የካ ዳገት ላይ ባለችው ቤታችን ግቢ ውስጥ፣ መሪጌታው አባቴ ለደቀ መዛሙርታቸው ባሕረ ሐሳብ ያስተምሩ ነበር። ባሕረ ሐሳብ ማለት ቤተ ክርስቲያን የየዓመቱን አጽዋማትና በዓላት የምታወጣበት የዘመን ቀመር ነው። የመስከረም ምሽት ነበር። አባቴ ጣታቸውን እየቈጠሩ «እንግዲህ በሒሳቡ ጨረቃ ዛሬ ተወለደች» አሉ። እኔ ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁና «አባባ፣ ጨረቃዋ እኮ ግማሽ ሆናለች» አልኩ።

«ዝም በል!» አሉኝ።

ተማሪዎቼ እዚህ ላይ ይስቃሉ። እኔ ግን አልስቅም፤ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ፊዚክስን የመረጥኩት ያን ቀን ነው» እላቸዋለሁ። ከዚያ ጠመኔ አንስቼ ወደ መለኪያ አሃዶች እሻገራለሁ። ክፍሉ ጸጥ ይላል። መቼም ከመለኪያ አሃዶች በፊት እንዲህ ያለ ጸጥታ የሚያገኝ የፊዚክስ መምህር ብዙ የለም፤ ስለዚህ ታሪኩን እወደው ነበር።

እንግዲህ እንደ ብዙ መምህራን እኔም በክረምት መርሐ ግብር ሁለተኛ ዲግሪዬን መማር ጀመርኩ። ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ተነስቼ በዝናብ መገናኛ እደርሳለሁ፤ እዚያ ደግሞ ሌላ ታክሲ እጋፋለሁ። ክፍል የምደርሰው ግማሽ ጎኔ ርሶ ነው። ከኮርሶቹ አንዱ የሳይንስ ታሪክ ሴሚናር ነበር። አስተማሪያችን ወጣት ሴት ናት፤ ከታናሽ እህቴ ታንሳለች። እኔን «መምህር» እያለች በእርስዎ ነው የምትጠራኝ፤ ወረቀቴን ስታርም ግን ይህ አክብሮት የት እንደሚገባ አላውቅም።

ርእስ በዕጣ ተከፋፈልን። እኔ የደረሰኝ ቁራጭ ወረቀት «ሃይማኖትና ሳይንስ፦ ግንኙነታቸውን የማይቀር ግጭት ሳያደርጉ ይጻፉ» ይል ነበር። ደስታዬን ልደብቅ አልቻልኩም። ጎረቤቴ ስለ ሙቀት መለኪያ ታሪክ ደርሶት ፊቱ ጠቁሯል፤ እኔ ግን ታሪኩ በእጄ ነው። ከሁለት ነጥቡ በኋላ ያለውን አላነበብኩትም ብል ውሸት ነው። አንብቤዋለሁ። ለትሕትና የተጻፈ መስሎኝ አለፍኩት።

የመጀመሪያው ረቂቄ «ሃይማኖትና ሳይንስ ከጥንት ጀምሮ ሲዋጉ ኖረዋል» ብሎ ይጀምራል። ቀጥሎ የኢጣሊያው የከዋክብት ተመራማሪ መሬት በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች በማለቱ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ከእሱ ቀጥሎ እኔ ግቢያችን ውስጥ እቀርባለሁ። ሁለታችን በአንድ ገጽ ላይ ነበርን። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን ጎን ለጎን ስንቀመጥ ያምርብን ነበር።

ወረቀቱ ሲመለስ «ከጥንት» የምትለዋ ቃል ዙሪያዋን በቀይ ተከባለች። ኅዳጉ ላይ «ከየትኛው ጥንት? የት? ማን ከማን ጋር? በምን ጉዳይ?» ይላል። ወረድ ብሎ፣ በመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን መሬት ጠፍጣፋ ናት ትል ነበር ያልኩበት ቦታ «ማን ነገረዎት?» የሚል አለ። ቢሮዋ ሄድኩ።

«መምህር» አለችኝ፣ ወንበር ስባ እያስቀመጠችኝ፣ «የዚያ ዘመን የተማሩ ሰዎች መሬት ድቡልቡል መሆኗን ያውቁ ነበር። ጠፍጣፋ ናት ይሉ ነበር የሚለው ተረት ኋላ የመጣ ነው። እርስዎ ፊዚክስ አስተማሪ አይደሉ?»

«ነኝ» አልኩ፤ በዚያች ደቂቃ ባልሆን ደስ ይለኝ ነበር።

«የኢጣሊያውንም ይመልከቱት። ሰውየው ራሱ አማኝ ነው። ካህናት ወዳጆች ነበሩት፤ ከዩኒቨርሲቲ ምሁራን ደግሞ ጠላቶች ነበሩት። መጽሐፍ ቅዱስን ማን ይተርጉም የሚል ክርክር አለ፣ ፖለቲካ አለ፣ የተቀየመ ባለሥልጣን አለ፣ ገና ያልተሟላ ማስረጃም አለ። ተከሶ ተፈርዶበታል፤ እሱን አንክድም። ግን ‹ሃይማኖት ሳይንስን ከሰሰ› ብለው በአንድ መስመር ሲጨርሱት ይህ ሁሉ ሰው ይጠፋል። ለመሆኑ ሁለቱ ዘላለማዊ ባላንጣ ናቸው የሚለው ትረካ ራሱ መቼ እንደተስፋፋ ያውቃሉ? በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ነው። እሱም ጸሐፊዎች አሉት፤ ጸሐፊዎቹም የራሳቸው ጠብ ነበራቸው።»

የራሳቸው ጠብ ነበራቸው ስትል ቀና ብላ ያየችኝ መሰለኝ። ላይሆንም ይችላል።

ተቆጥቼ ወጣሁ። ቁጣዬ እስከ መገናኛ አደረሰኝ፤ ከመገናኛ እስከ አባዶ ግን መንገዱ ረጅም ስለሆነ ቁጣ አይበቃውም፤ ሐሳብ ጀመርኩ። ግጭት ካልፈለገች እሺ፣ ሰላም እጽፍላታለሁ አልኩ። ሁለተኛው ረቂቅ እንዲህ ተወለደ። በእሱ ውስጥ ሃይማኖትና ሳይንስ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሄዳሉ፤ አንዱ «ለምን» ብሎ ሲጠይቅ ሌላው «እንዴት» ብሎ ይመልሳል፤ አንድም ሰው አይኮራረፍም። የጨረቃዬን ታሪክ አወጣሁት። ያወጣሁት አምኜበት አይደለም፤ ለሠርጉ ስለማይመች ነው።

«ከጦር ሜዳ አውጥተው ጫጉላ ቤት አስገቧቸው» አለችኝ በሚቀጥለው ቀጠሮ። ሳቋን መያዝ አቃታት፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

«ችግሩ ያው ነው፣ መምህር። በመጀመሪያው ሁለት ጎረምሶች ይደባደባሉ፤ በሁለተኛው ሁለት ሙሽሮች ይሳሳማሉ። በሁለቱም ወረቀት ሃይማኖት የሚባል አንድ ሰው አለ፣ ሳይንስ የሚባል ሌላ ሰው አለ። እንደዚህ የሚባሉ ሰዎች አሉ? ዛሬ በእነዚህ ሁለት ቃላት የምንለያቸውን ነገሮች የድሮ ሰዎች በእኛ መልክ አልለያዩዋቸውም። ስለዚህ አንድ ትንሽ ጉዳይ ይምረጡ። በዓይንዎ ሊያዩት የሚችሉትን። ግጭት ካገኙ ግጭት ብለው ይጻፉ፤ አልከለክልዎትም። ግን የት፣ መቼ፣ በማንና በማን መካከል፣ ስለ ምን እንደሆነ ይንገሩኝ።» ከዚያ የቀን መቍጠሪያውን ገለጠች። «የመጨረሻው ረቂቅ ጥቅምት መግቢያ ላይ። ካልሆነ ኮርሱን ለሚቀጥለው ክረምት ይደግሙታል።»

መድገም ማለት ሌላ የዝናብ ክረምት፣ ሌላ የመገናኛ ግፊያ ነው። እሱስ ይቻላል። ያልቻልኩት ሌላው ነው፦ ታሪኬን ያለ እነዚያ አራት ጥያቄዎች ለሃያ ዓመት አስተምሬያለሁ። ታሪኬ ከፈተናው ካላለፈ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ በየመስከረሙ አባቴን በሌሉበት ስከስስ ኖሬያለሁ ማለት ነው። ይህ አስፈራኝ። ስለዚህ የፈራ ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ትክክል መሆኔን ላረጋግጥ ተነሳሁ።

ትንሹ ጉዳይ የአባቴ ጨረቃ ትሆናለች። የመስቀል ማግስት እሑድ ነበር፤ እንዳጋጣሚ ሒሳቡ ጨረቃ ተወለደች የሚልበት ቀን፣ በዓለ መጥቅዕ የሚሉት፣ በዚህ ዓመት መስከረም አሥራ ስምንት፣ እዚያው እሑድ ላይ ይውላል። ስልኬ ላይ የጨረቃን ዕድሜ የሚያሳይ መተግበሪያ ጫንኩ። መተግበሪያው ጨረቃ ግማሽ ልትሆን ምንም አልቀራትም ይላል። ደስ አለኝ። አርባ ሁለት ዓመት የሞላው ሰው አባቱን በጨረቃ ሊይዝ ዳገት ሲወጣ የሚሰማውን ደስታ ለሰው መናገር ያሳፍራል፤ ግን ተሰምቶኛል።

አባቴ ዛሬም እዚያችው ዳገት ላይ ናቸው። ከእንጦጦ ጋራ በታች፣ ባሕር ዛፉ ተቈርጦ ተቈርጦ ጥቂት የቀረበት ቦታ። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ማስተማር ካቆሙ ቆዩ፤ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ሐኪሙ ቀዶ ጥገና ሲላቸው «ከጾሙ በኋላ» ይላሉ፤ አንዱ ጾም ሲያልቅ ሌላው ይገባል፤ መቼ እንደሚገባም ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። የሰፈሩ ደመራ አመድ ገና አልተጠረገም። በረንዳቸው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር።

«ዛሬ ምን እግር ጣለህ?» አሉኝ።

«የቤት ሥራ አለብኝ፣ አባባ። ስለ ባሕረ ሐሳብ።»

በሠላሳ ዓመት ውስጥ ይህን ቃል ከአፌ ሲሰሙ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነበር። ቀልድ መሆኑን ሊለዩ ይመስለኛል ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«የዘንድሮን መጥቅዕ አውጣልኝ እስቲ» አሉ በመጨረሻ።

እርሳስ አወጣሁ። እሳቸው በጣታቸው፣ እኔ በወረቀት። ዓመተ ዓለሙ፣ ከፍጥረት ጀምሮ የሚቈጠረው ዘመን፣ ሰባት ሺህ አምስት መቶ አሥራ ስምንት። በአሥራ ዘጠኝ ስገድፈው፣ ማለትም አካፍዬ ቀሪውን ብቻ ስይዝ፣ አሥራ ሦስት ተረፈኝ። አሥራ ሦስት በአሥራ አንድ፣ መቶ አርባ ሦስት፤ በሠላሳ ስገድፈው ሃያ ሦስት፤ ይህ አበቅቴ ነው፣ የፀሐይ ዓመት ከጨረቃ ዓመት የሚተርፍበት ቀን። አሥራ ሦስት በአሥራ ዘጠኝ፣ ሁለት መቶ አርባ ሰባት፤ በሠላሳ ስገድፈው ሰባት፤ መጥቅዕ። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ሠላሳ መምጣት እንዳለባቸው ከልጅነቴ አስታወስኩ። ሃያ ሦስትና ሰባት፣ ሠላሳ።

«ሰባት ነው! ድምሩም ሠላሳ መጥቷል» አልኩ በኩራት፤ መጥቅዕ የሚባለው ቍጥር በዓሉ የሚውልበት ቀን ራሱ መሆኑን ረስቼዋለሁ።

አባቴ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። «አሥራ ስምንት ነው። አንዱን ሳትቀንስ ነው ያበዛኸው። ከተረፈህ ላይ አንድ ይነሣል፤ ያልተፈጸመ ዓመት አይቈጠርም።»

«ግን ድምሩ ሠላሳ መጣ እኮ!»

«ሳትቀንስም ሠላሳ ይመጣል። ድምሩ ልክ ስለሆነ ሥራው ልክ ነው ያለህ ማነው? ፊዚክስ ላይ እንደዚህ ነው የምታስተምረው?»

ሁለተኛው ረቂቄ ትዝ አለኝ፤ ድምሩ ያማረው፣ ሥራው የተሳሳተው። አስተማሪዋና አባቴ ተገናኝተው የተመካከሩብኝ ይመስል ነበር። የሆነ ሆኖ ዋናው ወጥመድ ገና ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ፀሐይ እንጦጦን ተደግፋ ስትጠልቅ እጃቸውን ይዤ ወደ ግቢው መካከል አወጣኋቸው። ከተማው ከበታች ነው፤ መብራቱ ገና አልበራም። ጨረቃ ከላያችን፣ ጥርት ያለ ሰማይ ላይ፣ የተቈረሰ ድፎ መስላ ቁጭ ብላለች።

«አባባ» አልኩ፣ «በሒሳቡ ጨረቃ ዛሬ ነው የተወለደችው አይደል?»

«ዛሬ።»

«እሷ ግን ግማሽ ልትሆን ነው። አምስት ስድስት ቀን ቀድማ ተወልዳለች።»

ለሠላሳ ዓመት ስጠብቀው የነበረው ጸጥታ ይህ ነው። ክፍሌ ውስጥ በየዓመቱ የማገኘው ዓይነት። አባቴ በተጋረደ ዓይናቸው ወደ ሰማይ ቀና አሉ።

«አምስት ወይስ ስድስት?» አሉኝ።

«ምን?»

«አምስት ነው ወይስ ስድስት? አምስት ስድስት ብሎ መልስ የለም። መቼ ነው መጀመሪያ የታየችው? አይተሃታል?»

አላየኋትም። ስልኬ ነው የነገረኝ። ያን ስናገር ድምፄ እንደ አሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ቀጠነ።

«አዎ፣ ትቀድማለች» አሉ አባቴ፣ ስለ ጎረቤት ላም እንደሚያወሩ ተረጋግተው። «ሒሳቡ የጥንት ነው፤ ሰማዩ ጥቂት በጥቂት እየቀደመው ሄዷል። ይህን የማያውቅ ባለ ቀመር አለ ብለህ ነው? ቀመሩ እኮ ጨረቃን ለማየት አይደለም፤ ሰው እንዲገናኝ ነው። እዚህ ብራ ሆኖ ጎንደር ደመና ቢሆን፣ እኛ ሰኞ ጾም ገብተን እነሱ ረቡዕ ሊገቡ ነው? ይስተካከል ያልኩበት ጊዜም ነበር። አንድ ሊቅ ወዳጄ ሁለት ዓመት ሰላምታ ነሣኝ።»

«ታዲያ ያኔ ለምን ዝም በል አሉኝ?»

ይህን ጥያቄ በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አልጠየቅኳቸውም ነበር። ለስንቱ ትውልድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ መልሱን ነግሬያለሁ፤ እሳቸውን ግን አልጠየቅሁም።

አባቴ ረስተውታል ብዬ ነበር። አልረሱትም። «ተቆጥቼ ነዋ» አሉ። «ደቀ መዛሙርቱ ሳቁብኝ። የራሴ ልጅ፣ ገና አፍ ያልፈታ፣ በሰው ፊት። አፍሬ ነው የተቆጣሁት። ደግሞም ያንኑ ጥያቄ እኔም በልጅነቴ የኔታን ጠይቄያቸዋለሁ። ‹ዝም በል፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተመልከትና ከዚያ ጠይቀኝ› አሉኝ። ጨረቃ ወደ ቦታዋ የምትመለሰው በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ነው፤ አንድ ማታ ያየ ሰው ምን አየ ይባላል? ላንተም ይህንኑ ልልህ ነበር። ዝም በል ስልህ ግን ተነሥተህ ሄድክ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጉባኤው ጠፋህ። የቀረውን ለማን ልንገር?»

እኔ መሄዴን አስታውሳለሁ። በሩን እንዴት እንዳጋጨሁት ሳይቀር። ለተማሪዎቼ ስናገር ያን ክፍል እዘልለው ነበር።

ወደ ቤት ገብተን ከአልጋቸው ሥር አሮጌ ሻንጣ አስወጡኝ። በውስጡ ደብተሮች አሉ፤ ከላይ ያለውን አነሳሁ። ሽፋኑ ላይ በራሴ የልጅነት ጽሕፈት «ሰባተኛ ክፍል፣ ሳይንስ» ይላል። የጣልኩት ደብተር ነው። ከፊት በኩል የእኔ የአበባ ክፍሎች ሥዕል አለ፤ አስቀያሚ ነው። ከኋላ በኩል ሲገለጥ ግን አባቴ ሁለት ዓምድ አስምረዋል፦ አንዱ «በሒሳብ»፣ አንዱ «በዓይን»። ወር በወር፣ ዓመት በዓመት፣ የጨረቃ መወለጃ ቀን በሁለቱም ዓምድ ተጽፏል። ደመና በሆነበት ወር «ደመና» ይላል፤ ክረምቱ ሁሉ «ደመና፣ ደመና» ነው። አንድም ቦታ ገምተው አልሞሉም። እኔ ላቦራቶሪ ውስጥ ተማሪዎቼ ያላዩትን ቍጥር እንዳይሞሉ በየዓመቱ እለምናለሁ፤ እስካሁን አንድም አልሰማኝም።

የመጀመሪያውን መስመር ፈለግሁ። መስከረም ነው፤ እኔ ጥዬ የሄድኩበት ዓመት፣ ያ ራሱ ማታ። በሒሳብ ዓምድ «ዛሬ» ይላል። በዓይን ዓምድ ደግሞ «ልጁ እንዳለው፣ ግማሽ» ይላል።

አለቀስኩ። ማሳመር አያስፈልገውም፤ የአባቴ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እሳቸው ስለማያዩ ጉንፋን ይዞኛል አልኳቸው፤ እሳቸውም አውቀው «ይማርህ» አሉኝ።

ሦስተኛው ረቂቅ በአራት ቀን ተጻፈ። ስለ አንድ ግቢ፣ ስለ አንድ ምሽት፣ ስለ አንድ ደብተር። በዚያ ግቢ ውስጥ ግጭት ነበር አልኩ፤ ግን በሃይማኖትና በሳይንስ መካከል ሳይሆን በሰው ፊት ባፈረ መምህርና ባኮረፈ ልጅ መካከል። ሌላም ግጭት ነበር፤ ቀመሩ ይስተካከል ባሉት አባቴና ሰላምታ በነሧቸው ሊቅ መካከል፣ ሁለቱም ካህናት። ሰማይን ቈጥሮ የመዘገበው ማነው ቢባል መሪጌታው ናቸው፤ በአንድ ማታ አይቶ የፈረደው የፊዚክስ መምህሩ ነው። ከዚህ ተነስቼ የትም አገር እንዲህ ነው አላልኩም። ማለት አማረኝ፤ ቀዩ እስክሪብቶ ትዝ አለኝና ተውኩት።

የመጨረሻው ወረቀት የሚገባው በእንግሊዝኛ ስለሆነ እየተረጎምኩ ለአባቴ አነበብኩላቸው። ሳልጠይቃቸው እንዲገቡበት አልፈለግሁም፤ ሳልጠይቃቸው ሃያ ዓመት ያስገባኋቸው ይበቃል። አንድ ቦታ ላይ ለስላሳ ላደርገው ብዬ «መምህሩ ልጁን በትዕግሥት ዝም አሰኙት» ብዬ ነበር።

«በትዕግሥት?» አሉ። «ተቆጥቼ ነበር አልኩህ እኮ። መቆጣቴን ጻፈው። ላንተ ሲሆን እውነት፣ ለኔ ሲሆን ሽንገላ?»

ጻፍኩት። አስተማሪዋ ረቂቁን ስትመልስ ገጾቹ ነጭ ነበሩ ማለት ይቻላል። አንድ ቦታ ብቻ፣ ደብተሩን በጠቀስኩበት ግርጌ፣ «ይህ ምንጭ የት ይገኛል?» ብላ በቀይ ጽፋለች። «ከአልጋ ሥር» ብዬ መለስኩላት። አለፍኩ። ታሪኩንም ዘግይተው ትምህርት ለጀመሩት ለዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍሎች አላወራሁም፤ ቀጥታ ወደ መለኪያ አሃዶች ገባሁ፤ ያን ዕለት ጸጥታ አላገኘሁም።

የደብተሩን መጨረሻ ያየሁት ግን ወረቀቱ ካለቀ በኋላ ነው። ያለፉት ሁለት ዓመታት በሒሳብ ዓምድ ሞልተዋል፤ በዓይን ዓምድ ባዶ ናቸው። «ደመና» እንኳ አይልም።

ጥቅምት አሥራ ሦስት ቀን ከትምህርት ቤት ወጥቼ አባዶ መሄዴን ትቼ ዳገቱን ወጣሁ። ፀሐይ እንደ ጠለቀች ምዕራብ በኩል፣ ከመብራት ምሰሶው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ እንደ ጥፍር ቍራጭ የቀጠነች ጨረቃ አየሁ። አባቴ በረንዳው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል።

«ታየች?» አሉኝ፣ ገና ሰላም ሳልላቸው።

«ታየች፣ አባባ። ዛሬ ነው ያየኋት። ሒሳቡ ገና አምስት ቀን ይቀረዋል።»

«ትናንትስ?»

«ትናንት አልወጣሁም።»

«እንግዲያው ‹ትናንት አልታየም› አትበል፤ ‹አላየሁም› በል። ጻፍ።»

ደብተሩን አምጥቼ ጻፍኩ። «በዓይን» በሚለው ዓምድ፣ ከሁለት ዓመት ባዶ በታች፣ የእኔ ጽሕፈት እንደገና ገባ፤ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ብዙም አልተሻሻለም። ከዚያ ሆን ብዬ ልነካካቸው «እንግዲህ አንድ አልኩ፤ አሥራ ስምንት ዓመት ቢቀረኝ ነው» አልኳቸው።

አባቴ ጣታቸውን አንድ አንድ እያጠፉ ቈጠሩ። «ያልተፈጸመ ዓመት አይቈጠርም» አሉኝ። «አሥራ ዘጠኝ ይቀርሃል። ከዚያ መጥተህ ጠይቀኝ።»

ዘጠና አምስት ዓመት ይሆናቸዋል። እሺ አልኳቸው።